ቁጥር ስድስት በማን ሥር ናት?

መነጽር ነው የሚሏት። በልብ ሕክምና ክፍሉ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትቀመጥ፣ ከቅጽል ስሟ ሌላ ስም የሚያውቅላት ቢኖር ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ወደ ቢሮዋ የሚወጣው ደረጃ አሥራ አንድ እርከን አለው፤ ስድስተኛውን አትረግጠውም። ጉልበቷን ይዛ ትዘለዋለች። «ምነው፣ ገመድ ዝላይ ጀመርሽ እንዴ?» ብላ የክፍሉ ነርስ ስቃባታለች። መነጽርም አብራት ሳቀች፤ ሆዷ ግን የሚያውቀውን ያውቃል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ በዘር የሚተላለፍ የልብ በሽታ ሲገኝበት፣ ዘመዶቹ የዘር ሐረጋቸውን ስልካቸው ላይ ይሥላሉ፤ የስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፣ የሞተ ሰው በላዩ ጭረት። ባልና ሚስትን አግድም መስመር ያያይዛቸዋል፤ ከዚያ መስመር መሃል ወደ ታች የሚወርደው የልጆቻቸው ነው። መዝገቡ ግን ሥዕል አያነብም፤ ዝርዝር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መነጽር ሥዕሉን እያየች ትጽፋለች፦ ወላጁ ከላይ፣ የትዳር ጓደኛ ከሥሩ በመደመር ምልክት፣ የዚያ ትዳር ልጆች ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብለው። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ነርሷ ዝርዝሩን ትወስድና ከታማሚው ሥር ያለውን ሁሉ ለምርመራ ትጠራለች። ከሥሩ ያልተጻፈ አይጠራም። ሰው በገባና በወጣ መስመር ይኖራል፣ ይሞታል ማለት ነው፤ ይህን ግን ማንም አለቃ ግድግዳ ላይ ለጥፎት አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በቀን አርባ ሥዕል በአንዲት ሴት ዓይን በሚያልፍበት ዘመን፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

1 አባት
   + 2 የመጀመሪያ ሚስት፣ ታማሚ፣ የሞተች
      4 ሴት
      5 ወንድ
   + 3 ሁለተኛ ሚስት
      6 ሴት
      7 ወንድ

አራትና አምስት ተጠሩ፤ አራት በሽታው ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች። አባትየው ተመርምሮ ነጻ ስለሆነ የሁለተኛዋን ሚስት ልጆች የሚጠራ አልነበረም። ከዓመት በኋላ ቁጥር ስድስት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

መነጽር ሞቷን በሰማች ቀን ሥዕሉን እንደገና ከፍታ አጎላችው። የስድስት መስመር ከመጀመሪያዋ ሚስት ትዳር ነበር የተነሣው። ስልኩ ቦታ ሲጠበው ልጅቷን ወደ ቀኝ ጥግ ገፍቷታል፤ መስመሯም የሁለተኛዋን ትዳር መስመር አቋርጦ ሄዷል። መስመሮች ሲገናኙ ነጥብ ይደረጋል፣ ሲተላለፉ ደግሞ ትንሽ ጉብታ። ፎቶው ተጨምቆ ሲላክ ጉብታዋ ነጥብ መስላ ነበር። ከክቧ ሥር ደግሞ የልደት ዓመቷ ተጽፏል፦ በሁለተኛው ትዳር መስመር ላይ ከተጻፈው የጋብቻ ዓመት ሁለት ዓመት የቀደመ! ማጉላት፣ ሁለት ቁጥር ማነጻጸር፣ ወይ «ዋናውን ላኩልኝ» ብሎ አንዲት ስልክ መደወል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሷ ግን የሚለቀም አልነበረም።

የሞቱን ጉዳይ ያጣራው ኮሚቴ «ቤተሰቡ በትክክል አላስመዘገበም» ብሎ ዘጋው። ኮሚቴ ሲቸኩል ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋቱን ለሌለ ሰው ነው የሚያሸክመው። እሷም ዝም አለች። ሞታለች፣ አሁን ቦታዋን ባዛውረው ማንን ይጠቅማል? ብላ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ስድስት በአውቶቡስ ግንባር ላይ ይመጣል፤ በቀጠሮ ወረቀት ላይ ይመጣል፤ ዓይኗን ስትጨፍን ከላይ ጭረት ያለባት ክብ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ማለዳ ቁጥር አራት ራሷ በሩን አንኳኳች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር የመጣችው።

«እትዬ፣ የቤተሰቡን ሥዕል አድሱ ብላችሁ ጽፋችሁልን ነበር።»

«ላክሽው?»

«ልኬዋለሁ። ስልኬ እንደኔው አርጅቷል፣ ተንጋዶ ከሆነ አይፍረዱብኝ።»

መነጽር ከፈተችው። ስድስት በላይዋ ጭረት ተሰምሮባታል። ከጎኗ አራት ማዕዘን፣ ቁጥር ስምንት፣ ባሏ። ከሁለቱ መስመር ሥር ትንሽ ክብ ተንጠልጥላለች፤ ቁጥር ዘጠኝ።

«ይቺ ማናት?»

«የእህቴ ልጅ ናታ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ስትሮጥ ቢያይዋት፣ ቁርጥ እናቷ!»

መነጽር አሮጌውን ዝርዝር ከፈተች። ስድስትን እዚያው ከሦስት ሥር ብትተዋት ዘጠኝም ከሷ ሥር ትገባለች፤ ማንም አይጠራትም፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ወደ ሁለት ሥር ብትመልሳት ደግሞ መዝገቡ ቀይ ሣጥን ያወጣል፦ የለውጡ ምክንያት ይጻፍ። ያን ሣጥን ነርሷ ታየዋለች፣ ኃላፊው ያየዋል።

«እህትሽ... ያኔ ለምርመራ አልመጣችም» አለች፤ ለምን እንዳለችው እሷም አታውቅም።

«አልጠራችኋትማ።» ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «እኔ "ሄደሽ ጠይቂ" ብያታለሁ። "አልጠሩኝም፣ የለብኝም ማለት ነው፤ እነሱ ያውቃሉ" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር እኮ። እኔም አመንኩ፤ ሐኪም ቤት ያውቃል ብዬ።»

እነሱ ያውቃሉ። መነጽር መነጽሯን አወለቀች። ክፍሉ ደበዘዘ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ግን ያለ መነጽርም ታየቻት።

ምስሉን አጎላችው። አሁንም ያች ጉብታ አለች፤ ተጨምቃ ነጥብ መስላ። በጣቷ ነካችው።

«ይህ መስመር ይገናኛል ወይስ ያልፋል? ዋናውን ከስልክሽ አሳዪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ዘረጋችላት። «ያልፋል። የእናቴ ልጅ ናት እኮ፤ እኔም አምስትም እሷም ካንድ ማህፀን ነን። ምነው እትዬ፣ ይህ መች ይጠየቃል?»

መነጽር ስድስትን ከሦስት ሥር አነሣችና ከሁለት ሥር፣ ከአራትና ከአምስት ቀጥላ አስገባቻት። ከሥሯ ስምንትን በመደመር ምልክት፤ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ዘጠኝ። ቀዩ ሣጥን ወጣ። «መዝጋቢዋ በመጀመሪያው ንባብ ተሳስታለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ «መዝጋቢዋ» የሚለውን አጥፍታ «እኔ ተሳስቻለሁ» አለች። ስሟን ከነአባቷ ጨመረችበት።

ወዲያው ነርሷ ከጎረቤት ክፍል ብቅ አለች። «መነጽር፣ ይቺ ዘጠኝ አሁን መጣችብኝ፣ ዛሬውኑ ትጠራ የሚል ነው። ምክንያቱን ደግሞ... ምንድነው የጻፍሽው?»

«እንደምታዪው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አንዷን ታያለች፣ ሌላዋን ታያለች። መነጽር ስክሪኑን ወደሷ አዞረችው። አሮጌውን ዝርዝር ከአዲሱ ጎን አስቀምጣ፣ ስድስት የት እንደነበረችና የት መሆን እንደነበረባት በጣቷ አሳየቻት። «እዚህ ብጽፋት ኖሮ ከናንተ ጋር ትጠራ ነበር። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ።»

ነርሷ በር ላይ ቆማ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አሮጌውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቁጥር በቁጥር አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«ይቅር እንድልሽ ነው የነገርሽኝ?» አለች በመጨረሻ፤ አንቱታው ቀርቷል።

«አይደለም። ልጅቱ እንድትመጣ ነው።»

«አባቷ እምቢ ይላል። ሐኪም ቤት ሲባል ያብዳል፣ "ነጻ ናት ብለው ገደሉብኝ" ነው የሚለው። እኔ ብለምነው አይሰማኝም።» ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወደ መነጽር ገፋችው፤ ቁጥሩ ወጥቶ ነበር። «አንቺ ደውይለት። ለኔ ያልሽኝን ሁሉ፣ አንዲት ሳታስቀሪ ንገሪው። ከዚያ በኋላ ልጅቱን አምጣት በይው።»

መነጽር አንሥታ ደወለች። ሦስቴ ጠራ። አንድ ወንድ፣ ከኋላው ሕፃን ልጅ እየዘፈነች፣ «አቤት?» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች። «ከልብ ሕክምና ክፍል ነው። እባክዎ አይዝጉት። ስለ ባለቤትዎ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንድየው አልዘጋውም። ልጅቱ መዝፈኗን ቀጠለች።