በ1.79 እና በ2.13 መካከል

ትክክል የሠራ ሰው ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጽፋችሁ፣ ሰውየው ፊታችሁ ቆሞ «ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ የጠየቃችሁ ጊዜ አለ? እኔ አለኝ። ዲላ ነበርኩ፤ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ ለሚማሩ ሠራተኞች የንግድ ሒሳብ እንዳስተምር ቀጠረኝ። ሁለቱ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ምሳ የምበላበት ቤት አስተናጋጁ ገና በር ላይ ሲያየኝ ሽሮ ያዛል፤ ስለዚህ እዚያም አፌን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ እኔም ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ገብቼ ለቅዳሜ የምሰጠውን ትምህርት ለግድግዳው አስረዳለሁ። አከራዬ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?» አሉኝ። ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው አልኳቸው። «እሱስ ገብቶታል ወይ?» ብለው ግድግዳውን በአገጫቸው አመልክተውኝ ሄዱ።

በዚያ ዓመት አጥብቄ ያስረዳሁት የማይታወቅን ወለድ መፈለግ ነበር። አንድ ሰው ዕቃ ወስዶ በየወሩ እኩል ገንዘብ ይከፍላል። ዋጋውን እናውቃለን፣ የወር ክፍያውን እናውቃለን፣ የወራቱን ቁጥር እናውቃለን። የማናውቀው በወር ስንት በመቶ ወለድ እየከፈለ እንደሆነ ነው። ችግሩ ወለዱ በቀመሩ ውስጥ ሁለት ቦታ መቀመጡ ነው፤ አንዴ አካፋይ ሆኖ፣ አንዴ ደግሞ በራሱ ብዙ ጊዜ በሚባዛ ቁጥር ውስጥ ተደብቆ። ጎትታችሁ ብቻውን ልታወጡት አትችሉም። ያለው መንገድ መገመት፣ ግምቱን መሞከር፣ ከዚያ ማረም፣ እንደገና መሞከር ነው። ተማሪዎቼ ይህን አልወደዱትም። «ቲቸር፣ ሒሳብ ውስጥ ግምት አለ እንዴ?» አለኝ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ። ግምት ብቻውን ሒሳብ እንዳልሆነ፣ ስህተቱን እየለካ የሚጠብ ግምት ግን ሒሳብ እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀሁ። ስጨርስ ብዙዎቹ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ይህን ጥያቄ አወጣሁ፦ «በእጅ በእጅ 12,000 ብር የሚሸጥ ፍሪጅ በየወሩ 1,120 ብር በአሥራ ሁለት ክፍያ ይሸጣል። የወር ወለዱን ፈልጉ።» አሥር ማርክ ይይዛል።

የእኔ መልስ እንዲህ ነበር። 12,000 ለ1,120 ሲካፈል 10.714 ይሆናል። ይህ ማለት ለአሥራ ሁለት ወር በየወሩ መጨረሻ የሚከፈል አንድ አንድ ብር ዛሬ 10.714 ብር የሚያወጣበትን ወለድ እንፈልጋለን ማለት ነው። ወለዱ ከፍ ሲል ይህ ቁጥር ይወርዳል። በ1.75 በመቶ ስሞክረው 10.740 ወጣ፤ በዛ፣ ስለዚህ ወለዱ ከፍ ማለት አለበት። በ1.8 በመቶ 10.706 ወጣ፤ አነሰ። መልሱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ርቀቱን ተመጣጣኝ አድርጌ ስከፍለው 1.79 በመቶ ገደማ ሆነ።

ወረቀቶቹን ሳርም ከግማሽ በላይ የሆኑት 1 በመቶ ብለው ነበር። አሥራ ሁለቱን ክፍያ ደምረው 13,440፣ ትርፉ 1,440፣ ያ የዋጋው 12 በመቶ፣ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 1። ገዢው ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለቱንም ሺህ በእጁ ይዞ የቆየ ይመስል! በየወሩ እየመለሰ፣ ዕዳው እየቀነሰ መሄዱን ረስተውታል። የቀሩት ባዶውን ትተውታል። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያ የፈጀሁት ቅዳሜ ትዝ እያለኝ ዜሮ ጻፍኩ።

አንድ ወረቀት ላይ 2.13 የሚል አገኘሁ። ከላዩ ብዙ ቁጥር ተደርድሯል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን 10,880 እና 11 የሚሉ ቁጥሮች አየሁ። ጥያቄው ውስጥ አንዳቸውም የሉም። «ክፍያው 12 ነው!» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፣ ዜሮ ሰጠሁ፣ ውጤቱንም ለሬጅስትራር አስገባሁ።

ሰኞ ጠዋት የወረቀቱ ባለቤት ቢሮዬ መጡ። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ በክፍል ሁልጊዜ በር አጠገብ የሚቀመጡ፣ ስማቸው ሲጠራ ካልሆነ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ዲላ ገበያ አጠገብ ባለ የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ በየወሩ የሚከፈለውን መዝገብ ይይዛሉ። የእኔን ትምህርት በአራት ማርክ ወድቀዋል። ከዲላ ራቅ ብላ በምትገኘው ጨለለቅቱ ከተማ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥራቸው ተስማምቷል፤ ዲፕሎማው ግን የቡናው ለቀማ ሳይጀምር በእጃቸው መግባት አለበት። ትምህርቱ እንደገና የሚሰጠው ከዓመት በኋላ ነው።

«መምህር፣ ልለምኖት አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ክፍያው አሥራ ሁለት ነው፤ እርስዎ በአሥራ አንድ ነው የሠሩት።»

«አሥራ ሁለት ነው እኮ። አንዱ ተከፍሏል።»

«መቼ?»

አዩኝ፤ ሰው የፀሐይ መውጫ በየት ነው ብሎ እንደጠየቃቸው ዓይነት። «ፍሪጁ ከሱቅ ሲወጣ ነዋ! የመጀመሪያውን ወር ሳይከፍል ማን ዕቃ ያስወጣል? እርሶ እኛ ሱቅ ቢመጡ እርሶንም አናስወጣም።»

ወረቀታቸውን ከተቆለሉት መሃል አውጥቼ እንደገና አየሁት። በዕለቱ የሚከፈል ገንዘብ ወለድ አይወልድም። ስለዚህ ከ12,000 ላይ 1,120 ቀንሰዋል፤ በእውነት በዱቤ የተወሰደው 10,880 ነው፤ የቀሩት ክፍያዎች አሥራ አንድ ናቸው። 10,880 ለ1,120 ሲካፈል 9.714። ከዚያ ሙከራው፦ በ2 በመቶ 9.787፣ በዛ። በ2.2 በመቶ 9.676፣ አነሰ። መሃሉን ወስደው በ2.1፣ 9.731፣ በዛ። እንደገና መሃል፣ በ2.15፣ 9.704፣ አነሰ። በ2.13፣ 9.715፣ ተጠጋ። ከጎኑ «በቃ» ብለው ጽፈው ቆመዋል። አንድም ስህተት የለውም።

እኔ ጥያቄውን ከመጽሐፍ ልማድ ነበር ያወጣሁት፤ በመጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍያ ወር ይጠብቃል። ዲላ ውስጥ አይጠብቅም። ጥያቄዬ ላይ ቀኑን አልጻፍኩም። ባለመጻፌ ብቻ ወለዱ ከ1.79 ወደ 2.13 ሄዷል።

«ይህን መሃል መሃሉን የመውሰድ ዘዴ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ገምታችሁ፣ ሞክራችሁ፣ አርሙ ብለው እርሶ አስተማሩን እኮ» አሉ፤ ግራ ገብቷቸው። «ያ ቅዳሜ።»

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ግን ይህን በደንብ አልችለውም። ወራት ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ ከርሜ፣ አንድ ሰው ሰምቶኝ ኖሯል። የሰማኝን ያንኑ ሰው ደግሞ ጣልኩት። እንዲቀመጡ ወንበር ሳብኩላቸው። ለምን ከ2 እንደጀመሩ፣ ለምን በመሃል እንደከፈሉ፣ ሱቁ ውስጥ ሞክረውት እንደሆነ፣ ብዙ የምጠይቃቸው ነበረኝ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ሱቁን ለባለቤቱ ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት። ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም?» አሉ።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀቱን ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አወጣህ ማለት ነው?»

«ቀኑን ረሳሁ።»

«አየህ፣ የገባ ውጤት ለማስለወጥ ስህተቴ ነው ብለህ በፊርማህ መጻፍ አለብህ። ደብዳቤው ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል። ገና የሙከራ ጊዜህን አልጨረስክም።» ወረቀቱን መለሱልኝና «ለሌሎቹስ?» አሉ።

የሁሉንም ወረቀት ይዤ ክፍሌ ገባሁ። እንደገና አንድ በአንድ አየሁ፤ ክፍያውን በዕለቱ አስቦ የተጎዳ ሌላ ሰው ካለ ብዬ። በልቤ ግን ሌላም ነገር እፈልግ ነበር፤ አንድ ሁለተኛ ሰው፣ ገምቶ፣ ሞክሮ፣ አርሞ የሄደ። በእኔ መንገድም ይሁን በእሳቸው። አልነበረም። 1 በመቶ፣ ባዶ፣ 1 በመቶ፣ ባዶ።

ደብዳቤውን ማክሰኞ ጻፍኩ። «ጥያቄው የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን አይገልጽም፤ በአካባቢው የንግድ ልማድ ክፍያው በርክክብ ዕለት ስለሚፈጸም የተማሪዋ መልስ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው።» አሥሩም ማርክ ተሰጣቸው። አለፉ።

ዲፕሎማቸውን የወሰዱ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። የጨለለቅቱ መኪና እየሞላ ስለነበር አሁንም አልተቀመጡም። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ቀኑን ጨምሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ የ1.79ንም የ2.13ንም መንገድ ጎን ለጎን ሠራሁ። ዞር ስል አንዷ እጇን አውጥታለች። ደስ ብሎኝ ዕድሉን ሰጠኋት። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች። ይመጣል አልኩ። ጻፉት። በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አንድ ልጅ ጃኬቱን ሰቅሎበታል።

ስለዚህ እናንተን ልለምናችሁ። በእጅ በእጅ 6,000 ብር የሚሸጥ አንድ ዕቃ በስድስት ክፍያ 1,080፣ 1,080 ብር እየተከፈለ ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው ክፍያ በርክክቡ ዕለት ነው። ያን ቀንሳችሁ በቀሩት አምስት ክፍያዎች ላይ ከ3 እና ከ3.5 በመቶ ጀምሩ፤ ቁጥሩ ሲበዛባችሁ ወለዱን ከፍ፣ ሲያንስባችሁ ዝቅ አድርጉ። መልሱን አልነግራችሁም። ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙና እስቲ ሞክሩት።