የመከታ ቁስልና ፊርማ የቀረው ወረቀት

ስመኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ቀኑም ተጽፎበታል። «ከደብረ ታቦር የመጣው የአቶ ሙላቴ ውሻ በባለሙያ ተመርምሮ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ስለ ተረጋገጠ እንዲወገድ ተስማምተናል» ይላል። ከሥሩ ሰባት ፊርማ ተደርድሯል። የባለሙያው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

ባለሙያዋ እሷ ናት። ውሻውን ግን ገና አላየችውም።

«ማን መረመረው?» ስትል ጠየቀች።

«አንቺ ነሻ!» አሉ አቶ ዘውዱ። «ለዚህ አይደል ያስጠራንሽ?»

አቶ ዘውዱ የአንበሳሜ እህል ነጋዴ ነበሩ። አሁን ሥራውን ለልጆቻቸው ትተው በየዓመቱ በሚያዝያ ወደዚህ ፍልውሃ ይወርዳሉ። ድምፃቸው ከሁሉ ስለሚበልጥ ታጣቢው የኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መርጧቸዋል።

ስመኝ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ጉና ግርጌ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ የእንስሳት ጤና ተምራ፣ ከሐሙሲት ወረድ ባሉ ቀበሌዎች ላም ስታዋልድና በሬ ስትከትብ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ያንገበገባት የከብት ርግጫ አይደለም። ሰው እንስሳው ሲታመምበት ያሰበውን ሁሉ ሦስት ቀን ከሞከረበት በኋላ በአራተኛው ቀን እሷን ጠርቶ «ኧረ እኛ ምንም አላደረግነው» ሲላት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተለቀለቀ ውሻ አይታለች። የባትሪ ውሃ ቁስሉ ላይ የፈሰሰበት አህያ አይታለች። ሳይታይ የተፈረደበት በሽተኛ ሲቀርብላት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«የት ነው ያለው?»

ከውሻው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ የቆመው ሰዉ በጣቱ አሳያት። ከሾላው ሥር አቶ ሙላቴ ተቀምጠዋል፤ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የስልሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ። ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ነው የመጡት። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። ውሻውን የሚተዉለት ሰው ስለሌላቸው ይዘውት ወረዱ። ስሙ መከታ ነው፤ ግዙፍ፣ ፀጉሩ እንደ በግ የተደራረበ የደጋ ውሻ። አንገቱና ጉንጩ በነጠላ ቁራጭ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ ረጥቧል፤ ይሸታልም።

«ልትገድይው ነው የመጣሽው?» አሉ ሙላቴ።

«ላየው ነው የመጣሁ፣ ጋሼ። ከማየቴ በፊት ግን ይንገሩኝ። መቼ ጀመረው?»

«ከትናንት ወዲያ ጧት ምንም አልነበረበትም። ከሰዓት ሲያክ አየሁት፤ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነገር። ሲነጋ መዳፍ አከለች። እንዲህ የሚሮጥ ቁስል አይቼ አላውቅም።»

«ይበላል?»

«ጧት ቂጣዬን ከእጄ ነው የወሰደ።»

«ውሃስ?»

«ይጠጣል።»

«የነከሰው ሰው አለ?»

«አንድም! ሲሳይ የምትባለዋ ሴትዮ ጉንጩን ስትነካው አጉረመረመ። በቃ፣ እሱ ነው ወንጀሉ።»

«ክትባትስ?»

ሙላቴ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጡ። በጥር ተከትቧል፤ ማኅተሙ አለ። ስመኝ ካርዱን አየችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ይህን የጠየቀ ሰው ነበር?»



«ለሃጩ ይንጠባጠባል እኮ!» አሉ አቶ ዘውዱ ከሩቅ።

ጓንት አጠለቀች፤ አፉን በሻሽ አስራ ጨርቁን ፈታችው። ከጆሮው ሥር ጉንጩ ላይ ፀጉሩ ተጣብቆ ተድቦልቧል። በመካከሉ ቆዳው ደም መስሎ ቀልቷል፤ ቢጫ ውሃ እያዠ ነው። መከታ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልታገለም።

«ይኸው ለሃጫችሁ» አለች። «ከአፉ የወጣ አይደለም፤ ከቁስሉ ነው። ጋሼ፣ ቀኑን የት ነው የሚውለው?»

«ከቦዩ ውስጥ ነዋ። ሙቀቱን አልቻለውም። ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ላይ ተኝቶ ይውላል።»

«ሲወጣ ያደርቁታል?»

«ውሻ ይደረቃል እንዴ?»

ስመኝ ከጅራቱ ሥር ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ብናኝ አገኘች። በረጠበ ጥጥ አንስታ ስትጫነው ጥጡ ቀላ።

«ደም ነው» አለቻቸው። «ቁንጫ የመጠጠችውን ደም ነው ኩሷ ላይ የምታዩት። ጆሮው ውስጥ ምንም የለም፤ ደኅና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቁንጫ ነከሰችው፣ አከከ። ከላይ ፀጉሩ ረጥቦ ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል። ቆዳ ላይ ሁልጊዜ የሚኖረው ጀርም እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይራባል። ያሳክከዋል፣ ያካል፤ ባከከ ቁጥር ይሰፋል። ለዚህ ነው በአንድ ሌሊት የሮጠው። እብደት አይደለም። ወደ እናንተም አይተላለፍም። እስካሁን ምን አደረጋችሁበት?»

«ኧረ ምንም» አሉ ሙላቴ።

የፈታችውን ጨርቅ አንሥታ አሳየቻቸው።

«በፍልውሃው አጠብኩት እንጂ። በቀን ሦስቴ። ከዚያ እንዳይቆሽሽ አሰርኩት። ቫዝሊንም… ትንሽ።»

«ማን ነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?»

የሙላቴ ዓይን ወደ አቶ ዘውዱ ሄደ። ስመኝ ተነሣች፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም።

«ርጥበት ያመጣውን ቁስል በቀን ሦስቴ አራሳችሁት። መተንፈስ ሲገባው ጠመጠማችሁት። ቅባት ደፈናችሁበት። ሲብስ ጊዜ አበደ ብላችሁ ፈረማችሁ። ሰባት ሰው! አንዱ እንኳ ጎንበስ ብሎ ያየው የለም።»

«እኛ እዚህ ሕመምተኞች ነን» አሉ ዘውዱ። «ቁስላም ውሻ ከመካከላችን…»

«እርስዎ እግርዎ ላይ ያለውን ቁስል ይዘው ነው እዚያ ገንዳ የገቡት። ወረቀት የጠየቀዎት አለ?»

ከሰዉ መካከል የሳቀ ነበር። አቶ ዘውዱ ሱሪያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

የመጀመሪያው ሥራ ፀጉሩን ማንሣት ነው። መቀሷ ደግሞ ላልቷል፤ በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ መቀስ ያስፈራል። ከሾላው ማዶ ታጣቢውን የሚላጨው ፈንታሁን መስታወቱን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ቆሟል።

«ቶንዶስህን አውሰኝ።»

«የሰው ጭንቅላት የምላጭበትን? ነገ ማን ይቀመጥልኛል፣ እትዬ?»

«ከአንዱ ጭንቅላት ወደ አንዱ ስትሄድ በአልኮል ታብሰዋለህ?»

ፈንታሁን ጭንቅላቱን አከከ። ከሳጥኑ ሥር ሲፈልግ ቆየና ዝገቷ የተወለወለ፣ በእጅ እየተጨመቀች የምትሠራ የድሮ ቶንዶስ ይዞ መጣ። «የአባቴ ናት። እንዳትመልሻት ብቻ።»

ቶንዶሷን በአልኮል አበሰቻት። ሙላቴ የውሻውን ራስ ደረታቸው ላይ አስደገፉ። ከዳር ጀምራ፣ ጤነኛው ቆዳ በዙሪያው እስኪታይ ድረስ ቀስ እያለች ፀጉሩን አነሣችው። የተጣበቀው ፀጉር እየተላቀቀ ሲወድቅ ቁስሉ ሁለት መዳፍ ሆነ።

«ይኸው! ተስፋፋ!» አለ አንዱ።

«አልተስፋፋም። ተሸፍኖ ነው የኖረው።»

ቀድማ ያስፈላችውን ውሃ ለብ ሲል ፈዛዛ ሻይ እስኪመስል ቤታዲን ጠብ አደረገችበት፤ በፋሻ እየነከረች ሳትፈትግ አጠበችው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገች አደረቀችው። ምንም አልቀባችም፤ ምንም አላሰረችም። ማሳከኩን የሚያስታግስ መርፌ ወጋችው። የቁንጫውን መድኃኒት ከቁስሉ አርቃ ጀርባው ላይ አደረገች። በመጨረሻ ባዶ ጀሪካን አስመጥታ አፉንና ቂጡን ቆረጠች፤ ጠርዙን በጨርቅ ሸፍና አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። የኋላ እግሩ ቢነሣም ጉንጩ ጋ አይደርስም። መከታ ራሱን ነቀነቀ፤ ጀሪካኑ ከግንዱ ጋር ተጋጭቶ ጓ አለ።

«ባልዲ ለብሶ ቀረ» አሉ ሙላቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

«ይስሙኝ ጋሼ። ጧትና ማታ እንዳየኝ ያጥቡት፤ ያድርቁት። ቦዩ አጠገብ እንዳይደርስ። ቁስሉ ከሰፋ፣ ካተኮሰው፣ ወይም መብላት ካቆመ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይደውሉልኝ። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል ማለት ነው።»

አቶ ዘውዱ ወረቀታቸውን አልረሱም። «ታዲያ አትፈርሚም?»

«ሁለት ቀን ስጡኝ። በሦስተኛው ቀን ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላየሁትን ግን ሰባት አይደለም ሰባ ሰው ቢፈርም አልጽፍም። እስከዚያ አንድ ሰው ውሻው ላይ እጁን ቢያነሣ በስሙ ነው የምከሰው።»

መንገዱን ስትወጣ ንዴቷ አልበረደላትም። እንዲህ ያለውን ስንቱን ወረቀት ሌላ ባለሙያ ሳያይ ፈርሞበት ይሆን? ይህን እያሰበች ነበር ሐሙሲት የደረሰችው።

በሦስተኛው ቀን ስትመለስ መከታ ጀሪካኑን እያንቋቋ ተቀበላት። ቁስሉ ደርቋል፤ ማዠቱ ቆሟል፤ ከዳሩ ስስ ቅርፊት ይዟል፤ መቅላቱም ረግቧል። በጣቷ ዙሪያውን ስትነካው አላጉረመረመም።

ሰዉ አሁን ሃያ እርምጃ አልራቀም፤ ከብቦ ያያል። አቶ ዘውዱ ከሁሉ ፊት ናቸው።

«አላልኩም?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ውሃው አዳነው! ይህ ውሃ የማያድነው የለም።»

ስመኝ የሰማችውን ማመን አቃታት። ሙላቴን አየቻቸው፤ ሙላቴ መሬት መሬት ያያሉ። ከኪሷ ያንን ወረቀት አወጣች፤ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጀርባው ላይ ጻፈች፤ ጮክ ብላም አነበበችው።

«ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የለበትም፤ ተከትቧል። ቁስሉ የመጣው ከቁንጫና ከእርጥበት ነው። ያባባሰው በውሃ መዘፍዘፉና መታሰሩ ነው። የዳነው ፀጉሩ ተነሥቶ፣ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ስለ ተያዘ ነው።» ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። «አሁን እናንተ ፈርሙ።»

አቶ ዘውዱ ወረቀቱን አገላበጡት። «ይቺ ስለ ውሃው ያልሻት ትውጣና እፈርማለሁ።»

«አትወጣም።»

«ለፍልውሃው ስም ጥሩ አይደለም።»

«በውሻው ነፍስ ላይ የፈረማችሁትስ ጥሩ ነበር?»

አልፈረሙም። ከሰባቱ አንዱም አልፈረመም። ፈንታሁን ግን መላጫውን ጣል አድርጎ መጣ፤ ብዕሩን ተቀበላትና ማንም ሳይጠይቀው ስሙን በትልልቁ ጻፈ። «ሲላጭ ነበርኩ» አለ። «ያየሁትን ነው።»

ሙላቴ የቀረችውን የመታጠቢያ ቀን አልጠበቁም። ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ውሻቸውን ይዘው ወደ መንገድ ወጡ። ስመኝ እስከ ሚኒባሱ ሸኘቻቸው። ረዳቱ መከታን ከነጀሪካኑ ሲያይ በሩን በእጁ ዘጋ።

«አባባ፣ ምን ነክቶት ነው? የሚጋባ ነገር እንዳይሆን!»

ሙላቴ ውሻውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ ነበር፤ ተመለሰ።

«ምንም አልነካው። ርሶ ነበር» አሉ፤ ስመኝን እያዩ። «ደረቀ።»

ረዳቱ ጥቂት አሰበና ከኋላ ቦታ አሳያቸው።