ማኅተም የበዛበት ስቴትመንት

መርሳ የምትኖረው አክስቴ፣ ጣሊያን ያለች ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ሲቃረብ፣ ሄጄ ካላረስኳት ብላ ቆረጠች። በጦርነቱ የተዘጉት የወልድያ ባንኮች እንደገና ከተከፈቱ ብዙም አልቆየም ነበር።

ለቪዛው ከተጠየቀው ሁሉ ያስቸገረን የባንክ ስቴትመንት ነው። ስሟ ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም፣ የስድስት ወር ገቢና ወጪ ከነቀሪው መታየት፣ በየገጹም የባንኩ ማኅተምና ፊርማ ማረፍ አለበት።

አጎቴ በሬውን ሸጦ ብሩን በሂሳቧ ሊያስገባላት ፈለገ።

«ሲያዩት ይደነግጣሉ!» አለ።

«ይደነግጣሉ፤ ከዚያ በአንድ ቀን ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ» አልኩት።

በሬው ተረፈ።

ከወልድያ ያወጣነው ወረቀት ላይ ግን ምንም ያልተጻፈባቸው ወራት ነበሩ። ቅርንጫፉ በጦርነቱ ተዘግቶ የቆየበት ጊዜ ነው። አክስቴ ጤፍ ነጋዴ ናት፤ ገበያ በዋለ ቁጥር ብር የምታስገባ ሰው ስለሆነች ባዶው ከነከናት። «ተኝታ ከርማለች ሊሉኝ ነው?» አለች።

በማግስቱ ቤቷ ስሄድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። የቀበሌው ማኅተም፣ የሰበካ ጉባኤው ማኅተም፣ የእድሩ ማኅተም ተደርድረውበታል።

«መከራውን አብረውኝ ያዩ ናቸው። ከእነሱ በላይ ማን ይመስክርልኝ?»

የእድሩ ማኅተም ያረፈው ልክ የመጨረሻው ቀሪ ሂሳብ ላይ ነበር። ቁጥሩን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ሳዞር፣ «እንዴት እንደደመቀ አየኸው?» አለችኝ።

የኤምባሲ ቀጠሮዋ ቀርቦ ስለነበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ተመለስን። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

«እማማ፣ ይሄ ስቴትመንት ነው ወይስ የሽማግሌ ውል?»

«የእናንተማ ማኅተም ደብዝዞ ነው እኮ ሰው የለመንኩት!»

«ኤምባሲው የሚፈልገው የባንኩን ብቻ ነው። ሌላ ማኅተም ካረፈበት ተነካክቷል ብለው ይመልሱታል።»

«ባዶዎቹ ወራትስ? ትንሽ ትንሽ ብትጽፍበት ምን አለበት፣ ልጄ?»

«እማማ! እኔን ሊያሳስሩኝ ነው?»

አዲስ አወጣላትና በየገጹ ፈርሞ አተመበት፤ ደህና አድርጎም ተጫነው። ባዶውን እንዳለ ተወው። በባንኩ አርማ በታተመ ወረቀት ላይ ግን ቅርንጫፉ በጸጥታ ምክንያት ከመቼ እስከ መቼ ተዘግቶ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ እሱንም አተመበት።

አክስቴ ደብዳቤውን ተቀብላ አየችው። «ይሄንንስ ቀበሌው...»

«እንዳይነካ!» አልን፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ እኩል።

መርሳ እስክንገባ ድረስ ወረቀቱን እኔ ያዝኩት።

ቪዛው ወጣ፤ ምጡም ሳይመጣ ደረሰች። ከአራሷ ቤት የደወለችልኝ ቀን የሕፃኑን ጤንነት ጠየቅኳት።

«ደህና ነው፣ ቀይ፣ ድምፃም» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የልደት ወረቀቱን ሲሰጡን ግን ያለው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። እሱም ትንሽዬ። እስቲ ለእድሩ ሊቀመንበር ንገርልኝ።»