ከገና ጀምሮ የተቆጠረ

የልጄን ምስል በስልኬ አንስቼ ለባሌ የላክሁለት በደስታ ነበር። ባሌ ያኔ ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ ገልባጭ መኪና ይነዳል፤ እኔ አሶሳ ከእናቱ ጋር እኖራለሁ። ፈቃድ ሲያገኝ አቧራውን እንደለበሰ ይመጣል፣ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ግማሹን በእንቅልፍ ያሳልፈዋል፣ ይሄዳል። ሰፈራችን ውስጥ ባሎቻቸው ጉባ የሚሠሩ ሴቶች ጥቂት አይደለንም። ከመካከላችን የአንዷ ሆድ ገፋ ሲል ጎረቤት ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል። «እሱ መቼ ነበር የመጣው?» ይላሉ፣ ሰላምታ አስመስለው።

ምስሉን በአልትራሳውንድ ያነሣችልኝ ሲስተር የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፣ የበርታ ብሔረሰብ። ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሆዴ ላይ ያን ቀዝቃዛ ቅባት ከማፍሰሷ በፊት፣ «የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው መቼ ነው?» አለችኝ።

እኔ ይህን ነገር ለእናቴ እንኳ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ፣ «ገና ዕለት» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን አልገባሁማ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት።»

ሳቅ አለች። «እኛም በዚያ ጊዜ ሶላት እንተዋለን፤ ገብቶኛል። ወላሂ፣ ቀን መቁጠሪያ አይተው ከሚነግሩኝ ይልቅ እንዲህ የሚነግሩኝን አምናለሁ።»

ከዚያ መለካት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ እንደ ጭስ ከሚንቀጠቀጠው ነገር መሀል አንድ እንቁላል የመሰለ ክብ አቆመችና፣ ከአንዱ ጎን አጥንት ወደ ሌላው ጎን አጥንት መስመር ሳበች። «ጭንቅላቱ» አለች። ዙሪያውን በነጠብጣብ ከበበችው። ሆዱንም እንዲሁ ከበበች፤ ጨጓራው እንደ ጥቁር ጠብታ የሚታይበትን ቦታ ፈልጋ ነው፣ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች ልኩ እንደሚበላሽ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ የጭኑን አጥንት አገኘችው። ነጭ፣ አጭር፣ ክብሪት የምታህል። አልቅሼ ነበር እሱን ሳይ፤ ጭን ያለው ሰው ሆዴ ውስጥ አለ ብዬ።

«ሃያ ሳምንት» አለች ቅባቱን እየጠረገችልኝ። «አንቺ ከነገርሽኝ ጋር ልክ ነው። ደህና እያደገ ነው።»

ወረቀቱን በር ላይ ሳልደርስ በስልኬ አነሳሁትና ላክሁት። ሥሩ፣ «የአባቱ ጭንቅላት አለው» ብዬ ጻፍሁበት።

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ደወለ፤ ድምፁ የባሌ ድምፅ ሆኖ የባሌ አልነበረም።

«ወረቀቱ ሃያ ሳምንት ይላል አይደል?»

«አዎ።»

«ሃያ ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ገና ላይ ነው የሚያርፈው።»

«አዎ።»

«በገና እኔ የት ነበርኩ?»

በገና እሱ ጉባ ነበር። የመጣው ለከተራ ነው፤ ጥምቀትን አብሮን ዋለ፣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ።

«እሱም ብቻ አይደለም» አለ፣ «ወረቀቱ ላይ ከጭንቅላቱ ልክ አጠገብ ሃያ ሳምንት ከአራት ቀን ይላል።»

«ማነው የቆጠረልህ?» አልኩት። እንዲህ ያለ ቁጥር ከእሱ አፍ አይወጣም።

መጀመሪያ ሊነግረኝ አልፈለገም። በኋላ ወጣ፤ ምስሉ እንደ ደረሰው እሱም በደስታ ነው ምግብ ቤት ይዞት የገባው። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ መሬት የሚለካ ጓደኛው ስልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ ቀን መቁጠሪያ ከፍቶ፣ ሳምንት በሳምንት ወደ ኋላ ሄደ፤ ጥምቀትን አልፎ ገና ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ። ከዚያ ሌላው፣ «ምነው፣ መንፈስ ነው እንዴ የላክኸው?» ብሎ አሳቃቸው።

ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥሁ። ማንም ሳያየኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። የሆዴ ውስጥ፣ ያቺ ክብሪት የምታህል ጭን፣ ወንዶች ፓስታ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ ነበር።

መልስ አልነበረኝም ማለት አይደለም። «ገና ዕለት የወር አበባዬ ላይ ነበርኩ» ብል ያበቃ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ያን ቃል ለሱ ተናግሬው አላውቅም። በዚያ ጊዜ «አሞኛል» እለዋለሁ፣ እሱም ፊቱን አዙሮ ይተኛል፤ በዚያው ያልፋል። ደግሞ ልንገርህ ብለውስ፣ ወረቀቱ ሃያ እያለ ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ግራ ገባኝ። ማንበብ የተማርሁት በራሴ፣ ከወንድሞቼ ደብተር ላይ ነው፤ የተጻፈ ነገር አይዋሽም ብዬ ነው ያደግሁት። ሲስተር ስትናገር ልክ ነው ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ቁጥሩ ሲቆጠር ልክ አልመጣም። ጥፋት ሳይኖርብኝ ጥፋተኛ መስዬ ለራሴ ታየሁ።

ይባስ ብሎ ለእናቱም ደወለ። እማማ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው፤ እኔን ከራሳቸው ልጅ ለይተው አያውቁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ገበታ ላይ ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሹ ጀመር። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ውኃ እንኳ ሳቀርብላቸው «እግዜር ይስጥሽ» ይሉኛል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

በሳምንቱ ባሌ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ሦስታችን ክሊኒኩ ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ባጃጁ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ ግን ጉልበታችን እንዳይነካካ ሁላችንም እንጠነቀቃለን።

ሲስተር አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ባሌ ከእግሬ በኩል ቆመ፣ እማማ ከግድግዳው ሥር ወንበሩ ላይ። ሲስተር እንደገና ጭንቅላቱን ለካች፣ ሆዱን ለካች፣ ጭኑን ለካች።

«ሃያ አንድ» አለች።

«ይኸው! ጨመረ እኮ!» አለ ባሌ።

«ታዲያ ሳምንት አለፈ፤ ልጁ ቆሞ ይጠብቅህ?» አለችው ሳትዞር።

እኔ ወደ ጣሪያው ነው የማየው። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲስተር፣ አትቀየሚኝና፣ ይሄ ማሽን በስንት ይሳሳታል? ጭንቅላቱ ሌላ ይላል፣ ሆዱ ሌላ ይላል።»

«እያንዳንዱ ልጅ እንደ ቤተሰቡ ነው፤ አንዱ ራሱ ትልቅ ነው፣ አንዱ እግሩ ረጅም ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም ለክተን አማካዩን የምንይዘው። በዚህ ዕድሜ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን፣ ወዲህ ወይ ወዲያ ሊል ይችላል። እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ስህተቱ ይሰፋል። ግን ለምን ጠየቅኸኝ?»

ባሌ ወደ እናቱ አየ። የቅባቱ ብርድ ሆዴ ላይ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ «እኔ ለከተራ ነው የመጣሁት» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ግን ከገና ይጀምራል።»

ሲስተር እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። መጀመሪያ እኔን አየች። እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየወረደ ነበር። ከዚያ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ ወንድሜ። ማሽኑ አባት አያውቅም። አጥንት ነው የሚለካው። ይህን የሚያህል ጭንቅላት ያለው ልጅ ስንት ሳምንቱ ነው የሚለው ሰንጠረዥ ሲሠራ፣ የተቆጠረው ልጁ ከተጸነሰበት ቀን አይደለም። ያን ቀን ማን ያውቀዋል? የሚቆጠረው እናትየዋ ከምታውቀው ቀን ነው፣ የመጨረሻው የወር አበባዋ ከጀመረበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጅ የለም። ደም ነው ያለው፣ ከዚያ ዝግጅት ነው። ሃያ ሳምንት ስንል ልጁ ማሕፀን ውስጥ አሥራ ስምንት ሳምንት ገደማ ነው የቆየው ማለት ነው።»

«ማለት... ሁለት ይቀነሳል?»

«ይቀነሳል።»

ባሌ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ከገና ሁለት ሳምንት ወደዚህ ሲመጣ ጥምቀት ላይ፣ እሱ ቤት በነበረበት ሰሞን ላይ፣ አረፈ። ጣቱ ታጥፎ ቀረ።

«የገና ዕለት» አሉ እማማ ከወንበሩ። ሁላችንም ዞርን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። «ገና ዕለት ውጭ ቆማ ነበር። እኔ ገባሁ፣ እሷ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። ወይኔ ልጄን! በዓይኔ አይቼ!»

ልቤ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም። የወር አበባዬ በባሌና በአማቴ ፊት እንዲህ በግልጽ ሲወራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ከጥርጣሬው ያወጣኝ ቃል ራሱ ሌላ እፍረት ነበር። ልብሴን ስሰበስብ እማማ ሊረዱኝ ቀረቡና ነጠላዬን አስተካከሉልኝ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ባሌ ከክሊኒኩ በረንዳ ላይ ቆሞ ጫማውን ነው የሚያየው። «ይቅር በይኝ» አለ፣ ለጫማው ይመስል።

«ጓደኞችህስ?» አልኩት።

«ልደውልላቸው? ምን ብዬ?»

አሰብሁት። ዝም ካለ፣ እኔ ጉባ ምግብ ቤት ውስጥ መንፈስ የተላከባት ሴት ሆኜ እቀራለሁ፣ ልጄም እንዲሁ። ከነገራቸው ደግሞ ገና ዕለት ከአጥር ውጭ ለምን እንደቆምሁ ያ ሁሉ ወንድ ይሰማል። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«እንዳለ ንገራቸው» አልሁ። «ደምም ቢሆን።»

ለዚያ ሳምንቱን ለቆጠረው ጓደኛው ደወለ። እማማ ሰውዬው የሚለውን ልስማ ብለው ነው መሰለኝ፣ «ድምፁን ከፍ አድርገው» አሉት።

«አለህ? ያ ቆጠራ ስህተት ነው። ሲስተር እንዳለችው ከወር አበባ ነው የሚቆጠረው። ከ... ከዚያ ነው። ሁለት ሳምንት ይቀነሳል።» ባሌ ሲናገር አንገቱ ቀላ።

ሰውዬው ይስቃል ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። አልሳቀም።

«ይቀነሳል?» አለ።

«ይቀነሳል። ለሁሉም።»

ከበስተጀርባው የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«ለሁሉም?» አለ እንደገና። ድምፁ ወርዶ ነበር። «የኔም ሴት ወረቀት ልካልኝ ነበር፣ አምና። በሁለት ሳምንት በልጦብኝ... ለማንም አልተናገርሁም። ለእሷም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አልሄድሁም። ልጁን አላየሁትም።»

ባሌ እኔን አየኝ፣ እኔ እማማን። አንዲት የማላውቃት ሴት የሆነ ቦታ ልጇን አቅፋ፣ ምን እንዳጠፋች ሳይነገራት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ታየኝ፤ የራሴ የአንድ ሳምንት ጭንቀት አሳፈረኝ።

እጄን ዘርግቼ ስልኩን ከባሌ እጅ ወሰድሁ።

«ወንድሜ» አልሁት፣ በሕይወቴ ከማላውቀው ወንድ ጋር ስለዚህ ነገር አውርቼ ሳላውቅ፣ «ደውልና የወር አበባዋ መቼ ነበር የጀመረው ብለህ ጠይቃት። አፍራ ዝም ብትልህ ዝምታዋን እንዳትቆጥርባት።»