ሀብተ ሥላሴ ያልቀሰሰበት ምክንያት

ላሊበላ ውስጥ የሀብተ ሥላሴን ያህል ባለመቀሰሱ የታማ ዲያቆን የለም። አባቱ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ቀኑን ቆርጠው፣ ካባውን አሰፍተው ይጠብቁት ነበር። እሱ ግን ድንገት ተነስቶ «ቅስናው ይቅርብኝ፤ የእኔ ድምፅ ለዜማ ይሻላል» አለ። ድምፁን የምናውቅ ሁሉ ሳቅን። ማኅሌት ላይ ሲቆም አጠገቡ ያሉት እንዳያሳስታቸው ፈቀቅ ይሉ ነበር እኮ!

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስሜነሽ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወሬ እንደምወድ አልክድም፤ ይችን ግን ባልና ሚስቱ ራሳቸው «አሁን ተናገሪው» እስኪሉኝ ድረስ ዋጥ አድርጌ ኖሬአለሁ። መሪጌታም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዋዜማ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። በዚያ ሰሞን ጉሙ ከአሸተን ተራራ ይወርድና ሆስፒታላችንን ይውጠዋል። በመስኮት ስታይ ዛፍ የለም፣ መንገድ የለም፤ የቅዳሴው ድምፅ ብቻ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። እንዲህ ባለው ጠዋት ሳዋልድ ሕፃናቱ ከሆድ ሳይሆን ከዚያ ጉም ውስጥ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

የሀብተ ሥላሴ ሚስት ማርያማዊት በዚያ ጉም ውስጥ መጣች። ወሯ ገብቷል። ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይብረቀረቅባታል። የደም ግፊቷን ስለካው ደነገጥኩ። የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ መድኃኒቱ መውለድ ነው፤ ምጡ ደግሞ አልመጣም። እንዳያንቀጠቅጣት መርፌውን ወጋኋት፤ ዶክተር ምስጋኑም «ምጡን እኛ እናምጣው» አለ።

ምጥ በማዘዝ አይመጣም። መጀመሪያ የማህፀን በር ዝግጁ መሆኑ ይታያል። በጣቴ መረመርኳት፤ ምን ያህል ተከፍቷል፣ ምን ያህል ሳስቷል፣ ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ፊት የዞረው፣ የልጁ ጭንቅላት ምን ያህል ወርዷል፣ ጠንክሯል ወይስ ለስልሷል? ልስላሴውን ስንማር አፍንጫችንንና ከንፈራችንን አስነክተውናል። እንደ አፍንጫ ጫፍ የጠነከረ ገና ነው፤ እንደ ከንፈር የለሰለሰ ደርሷል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ሁሉም ቢሞላ አሥራ ሦስት ነው። የማርያማዊት ሁለት ብቻ ሆነ። እንዲህ ባለ በር ላይ የምጥ ጠብታ ብታንጠለጥል ሴትየዋን ማድከም ነው፤ መጀመሪያ በሩ መለስለስ አለበት።

ለዚያ ሚሶፕሮስቶል የምትባል ክኒን አለች፤ ትንሽ ስባሪዋ ይበቃል። ጎበዝ ናት፤ ግን ቁጡ ናት። ጠብታ ቢበዛ ቱቦውን ትዘጋዋለህ፤ እሷ ከሟሟች በኋላ ግን ና ውጣ አይሏትም። ማህፀን ላይ የቆየ ስፌት ካለ ደግሞ በምጥ ኃይል ልትተረትረው ትችላለች። እናትም ልጅም ያልቃሉ።

የማርያማዊት ሆድ ላይ ከእምብርቷ በታች ረጅም ጠባሳ ነበር።

«ይሄ የምን ነው?» አልኳት።

«አንጀቴ ተጠማዞ ደሴ ቀደውኝ ነው።»

በእኛ አገር አንጀት የተጠማዘዘበት ሰው ሞልቷል፤ የሚታመን ነው። አማቷ እማማ አመተ ማርያም ከራስጌዋ ቆመው «አዎን፣ ከመጋባታቸው በፊት ነው» አሉ። ማስረጃ ወረቀት የለም። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ክኒኗን ልቆርስ ሄድኩ።

በሩ ላይ ሀብተ ሥላሴ ቆሟል። አራስ ወይም ምጥ ያለበት ቤት የገባ ዲያቆን ለቅዳሴ አይገባም፤ ስለዚህ ከደፉ አላለፈም። በእጁ ጠቅሶ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ወሰደኝ። ጉሙ ነጠላውን አርጥቦታል።

«ሲስተር፣ የሚሰጧት መድኃኒት ከጠባሳው ጋር ይጣላል ወይ?»

«የአንጀት ከሆነ ግድ የለም።»

መሬት መሬቱን እያየ «የአንጀት አይደለም» አለ። «ልጅ ወጥቶበታል፤ ሞቶ። ልጅ ሳለች ድረዋት ነው። አገሯ ወገል ጤና ለቅሶ ሄጄ አንዲት አሮጊት ነገሩኝ። ማወቄን እሷ አታውቅም። አደራ፣ እንዳትነግሯት!»

ነገሩ ገባኝ። ለቅስና የሚታጭ ዲያቆን ሚስቱን በድንግልና ማግባት አለበት። ሐሰት ይዞ ታቦት ፊት እንዳይቆም፣ እሷንም እንዳያጋልጥ፣ ካባውን ትቶታል። ስታየው ደግሞ ዝም ብሎ ቅል ይመስላል! አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ክኒኗን መለስኳት። ለዶክተሩ በጆሮው ነገርኩት፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ይዘጋጅ አለ፤ የማህፀኑን በር ያለ መድኃኒት እናለስልሰው ተባለ። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በማህፀኗ በር አሳልፌ ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በውኃ ሞላሁት፤ በክብደቱ በሩን ቀስ እያለ ይከፍታል።

«ክኒን አላሉም ነበር?» አለች ማርያማዊት።

«ለአንቺ አይስማማም» ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፊኛው በራሱ ወጣ። ነጥቡ ስምንት ደርሷል፤ በሩ ከንፈር ሆኗል። የምጥ ጠብታውን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ በጣም በዝግታ እየቆጠርኩ ጀመርኩላት፤ እጄን ከሆዷ አላነሳሁም። እስከ ቀትር መልካም ነበር። ከዚያ ምጡ መደራረብ ጀመረ፤ አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይይዛታል። የልጁን ልብ ሳዳምጥ እንደደከመ መንገደኛ ዘግይቷል። ቱቦውን ዘጋሁ፤ በግራ ጎኗ አስተኛኋት። ምጡ ላላ፤ የልጁ ልብ ግን አልተመለሰም። ማርያማዊት «ጠባሳዬን አመመኝ» አለች፤ ምጥ በሌለበት። ይህ ደግሞ ስፌቱ ሊለቅ ሲል ነው።

ዶክተሩ ጊዜ አላጠፋም። አልጋውን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እየገፋን ስንሮጥ እጄን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ዋሽቻለሁ። ልጅ ነው የወጣው። እሱ እንዳይሰማ!»

«አይሰማም» አልኳት።

ሆዷ ሲከፈት እኔም አየሁ። የድሮው ስፌት ሳስቶ ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ አክሏል፤ በሥሩ የልጅቷ ፀጉር ይታያል። ዶክተር ምስጋኑ ቀና ብሎ አየኝ። ያቺ የክኒን ስባሪ ገብታ ቢሆን ምን እንደምናገኝ ሁለታችንም አውቀናል። ልጅቷ ትንሽ አኮረፈች፤ ከዚያ ጮኸች።

ማርያማዊት ስትነቃ ጉሙ ተገፎ ነበር። ልጅቷን ደረቷ ላይ አደረግኩላት። ሀብተ ሥላሴ እንደ ልማዱ ከደፉ ወዲያ ቆሟል። አማቷ ለመሪጌታ ሊያበስሩ ሄደዋል። ማርያማዊት ብዙ አሰበች።

«ሲስተር፣ ክኒኗን የመለሷት ትላንት ጠዋት ነው» አለች።

«አዎ።»

«እኔ የነገርኩዎት ዛሬ ነው።»

እኔ ወሬኛዋ የልጅቷን መጠቅለያ ማስተካከል ያዝኩ። እሷም አልጠበቀችኝም፤ ወደ በሩ ዞረች።

«ሀብቴ፣ ከመቼ ጀምረህ ነው የምታውቀው?»

አንገቱን ደፋ። «ከወገል ጤናው ለቅሶ።»

ቀኑን በልቧ ቆጠረች። ከዚያ ለቅሶ በተመለሰ በሳምንቱ ነበር ካባውን አልፈልግም ያለው። እሱ ደግሞ ጫማውን አወለቀና ደፉን ተሻግሮ ገባ፤ ቅዳሴውን፣ ፍልሰታውን፣ ሁሉን ትቶ። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«ቅስናውን የተውከው ለዚህ ነው?»

«ድምፄ ለዜማ ይሻላል ብዬሽ የለም ወይ?»

«አንተ» አለችው እያለቀሰች፣ «ድምፅህ እኮ አያምርም።»