ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?

ያንን ጤና መኮንን ገና በሩን ከፍተን ስንገባ ጠላሁት። ምንም አልበደለኝም። ሮቤ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክሊኒክ ከጠዋት ጀምሮ ተራ ስንጠብቅ ቆይተናል። ንፋሱ የኮሪደሩን በር እየከፈተ ይደበድበዋል፣ የሚዘጋው ሰው የለም። አባቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ምራቁን በዋጠ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ከቢሮ ያስፈቀድኩት ግማሽ ቀን ነው፣ እሱም እያለቀ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ አባ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለው ጤና መኮንኑ፤ ገና ልጅ ነው።

«ነጋ፣ ነጋ። ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አባቴ በዚያ በሻከረ ድምፁ።

ደሜ ፈላ። ደህና ከሆነ እዚህ ምን እንሠራለን? አባቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ቢጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሰው ፊት ታመምኩ ማለት ልመና ይመስለዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደማደርገው እኔ ገባሁበት። በእኛ ቤት ሽማግሌ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚናገረው ልጅ ነው። አባት ቁጭ ይላል፣ ልጅ ይመልሳል፤ እንዲህ ካልሆነ ሰው «አባቷን አንገላታች» ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» ልጁ ዓይኑን ከአባቴ ላይ አላነሳም።

«ከፋሲካ ወዲህ» አልኩ እኔ። «ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«ክብደት ቀንሰዋል?»

«ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ እንዴት አይከሳ?»

«ያጨሳሉ?»

«አያጨስም! የሰበካ ጉባኤ አባል ነው!»

ይህ ውሸት ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የስንዴ ኮምባይነር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሲጋራውን እዚያ እርሻ ላይ ለምዶ አልተወውም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ እንደሚያጨስ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ለማላውቀው ልጅ የአባቴን ገበና ላወጣለት ነው እንዴ?

«የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

ይህም ውሸት ነበር። ከጎረቤት ባለሱቋ የለመንኩትን ቀይና ጥቁር እንክብል አምስት ቀን አስውጬዋለሁ። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ጉሮሮዎን የሚያምዎት እርስዎ ነዎት?»

ከውጭ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሰምተው ሳቁ። በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። እሱ ግን ከቁብም ሳይቆጥረኝ ባትሪውን አብርቶ የአባቴን ጉሮሮ አየ፣ ቀጥሎ አንገቱን በሁለት እጁ ቀስ እያለ ዳሰሰ። በግራ በኩል ከመንገጭላው ዝቅ ብሎ ጣቱ ቆመ።

«አባ፣ ይቺን እብጠት መቼ ነው ያወቋት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ እብጠት እንዳለም አላውቅም ነበር።

ልጁ ጎባ ላለች የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሪፈር እንደሚጽፍልን ነገረን፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ግን መጻፉን አልጀመረም። «ሁለት ሳምንት ነው ካላችሁ ብርድ ነው ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሻከረ ድምፅና የአንገት እብጠት ካለ ውስጡ በመሣሪያ መታየት አለበት። እኔ የምጽፈው እናንተ የምትነግሩኝን ነው» አለ። ከዚያ እንደ አስተማሪ እያንዳንዱን እንድጽፍ አዘዘኝ። መቼ ጀመረ? ቀኑ ካልታወሰ በበዓል ወይም በሥራ አስታውሱት። እየባሰ ነው ወይስ ይተውና ይመለሳል? በአንድ በኩል ነው በሁለቱም? የሚያስቸግረው እንጀራ ነው ወይስ ውኃም? ድምፁ ከመቼ ጀምሮ ነው የተለወጠው? ጆሮ ያማል? ትኩሳት፣ ላብ፣ ሳል፣ ደም አለ? ቃር አለ? ሲጋራ፣ አረቄ፣ ጫት፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት? የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይምጣ። «የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ጸሐፊ ነዎት» አለኝ። «እስከዚያ ግን መተንፈስ ካቃታቸው ወይም ምራቃቸውን መዋጥ ካልቻሉ ሐሙስን እንዳትጠብቁ።»

እንደምሰድበው እየዛትኩ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ለአባቴ «ባለጌ ነው» አልኩት። አባቴ ፊቱን ወደ ገብሱ ማሳ አዞረ።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩት የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፍለጋ ወደ ባለሱቋ ነው። የዋህ ሴት ናት፣ ጎረቤቶች ሆነን ሃያ ዓመት አልፎናል። ማሸጊያውን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አሞክሳሲሊን ይላል፤ ለልጇ የታዘዘ ትራፊ ነው። የሐኪሙን ጥያቄ ሁሉ በንዴት ዘረዘርኩላት፣ ታዝንልኛለች ብዬ።

«በቀን አራት ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሲጋራው። አባባ ከእኔ ነው የሚወስዱት። ድሮ አስር ነበር፣ ካቻምና ስድስት፣ አሁን አራት። ወላሂ፣ ሐኪም ከጠየቀሽ እውነቱን ንገሪ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም የምላት ሴት አባቴን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ማሸጊያውን ጨብጬ ወጣሁ፣ አመሰግናለሁም አላልኩ።

ቤት ስገባ አባቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ደብተሬን ይዤ ፊቱ ቁጭ አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። መርማሪ ፖሊስ ነበር የምመስለው።

«ከፋሲካ» አለ።

«እውነቱን!»

ጋቢውን አስተካከለ። «ከጥምቀት።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጥምቀትን አስታወስኩት። አባቴ በየዓመቱ ታቦቱ ሲሸኝ ሕዝቡን ያስተናብራል፤ ግራ ያዙ፣ መንገድ ልቀቁ እያለ ሲጮህ ይውላል። ዘንድሮም ጮኾ ድምፁ ተዘግቶ መጣና ሁላችንም ስቀንበት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል ብለን። ሳይመለስ ቀረ። እኛ ለምደነው እንደ አዲስ ድምፁ ቆጠርነው። ከጥምቀት እስከዚያች ቀን ስቆጥር ከሦስት ወር አለፈ።

«ታዲያ በጾሙ እንዴት...» ብዬ ጀመርኩና ራሴ ገባኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቢሮ ነኝ። ብቻውን ይበላል። ምን በላህ ስለው በላሁ ይላል። እንጀራው አልወርድ ሲለው አጥሚት እየጠጣ፣ ሰው ሲያየው ደግሞ ለጾም ነው እያለ ከርሟል። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል፤ እየነካ አሳየኝ። ፋሲካ ሲደርስ ግን መደበቂያው አለቀ፤ ሁላችንም እያየነው ዶሮው አልዋጥ አለው። እኔ የሕመሙ መጀመሪያ ያልኩት ያንን ቀን ነው።

የቀረውንም አንድ በአንድ ነገረኝ። ሕመሙ በግራ በኩል ብቻ ነው። ሲውጥ ግራ ጆሮውን ይወጋዋል። ውኃ ይወርዳል፣ እንጀራና ሥጋ ይይዘዋል። ትኩሳት የለም፣ ሌሊት አያልበውም፣ ደም አላየም። እብጠቷን በጾሙ መካከል ሲላጭ ነው ያገኛት። ሲጋራ ላይ ስንደርስ አንገቱን ደፋ፣ እኔ «አራት» ብዬ ጻፍኩ። እየተቆጣሁ ነበር የምጽፈው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነበር የምጫነው። ለምን ደበቅከኝ፣ ሕፃን ነህ እንዴ፣ ስንቴ ተው ብዬሃለሁ እያልኩ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠብቆ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ።

በነጋታው ወረቀቱን ለጤና መኮንኑ ወሰድኩለት። ስድቡን አፌ ላይ ይዤ ነበር የሄድኩት። እሱ አንብቦ «ጎበዝ» ብሎ ሪፈሩን ጻፈ። «ጎበዝ» መባሌ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

ሐሙስ በሚኒባስ ጎባ ሄድን። ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል የሌላት ሴት ናት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ማሸጊያውን አየች፣ እንደገና ሁሉንም አባቴን ጠየቀችው። አባቴ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ለእያንዳንዱ መለሰ። «ሲጋራ?» ስትለው «አዎ፣ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ» አላት፣ እኔን ሳያይ። ከዚያ አፍንጫውን አደንዝዛ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብታ ጉሮሮውን አየች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ፣ ግን አልተነቃነቀም።

ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀች። በግራ የድምፅ አውታሩ ላይ የበቀለ ነገር አለ አለች። ናሙና ተወስዶ እስኪመረመር ስሙን እንደማትናገር፣ አንገቱም በራጅ እንደሚታይ ነገረችን። ጊዜ እንዳናባክን ብላ ቀኑን እዚያው ቆረጠች።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶ ጀርባውን አየች። ከጤና መኮንኑ ጥያቄዎች ውስጥ ያልነበረውን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ሦስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገሩም?»

«አልተናገርኩም።»

«ለምን?»

አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌ አይደል፣ እልከኛ ነው፣ ሐኪም ቤት አይወድም፣ የምለው ሁሉ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቷል። አባቴ ቀደመኝ።

«ልጄ ትቆጣለች» አለ። «ስለ ጉሮሮዬ ካነሣሁ ስለ ሲጋራው ትጮህብኛለች። ጾሙን በሰላም ላሳልፍ ብዬ ነው።»

ሐኪሟ እኔን አላየችኝም። እስክሪብቶዋን አነሣችና ይህንንም ካርዱ ላይ ጻፈችው።