አሥር ብር በሳሙና ላይ

እንጅባራ ሐምሌ ከገባ ዝናቡ አያባራም፤ የእኔም ሥራ የሚበዛው ያኔ ነው። የትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ ለግብር አዘጋጃለሁ። ያን ቀን ግን የሄድሁት ለግብር አልነበረም። የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ባለሱቅ፣ መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው ሊበደሩ ነበር። አበዳሪው የሁለት ዓመት የሒሳብ መግለጫ ስለጠየቃቸው ሠርቼ ይዤላቸው ሄድሁ።

«ሽያጩ ስንት ሆነ?» አሉኝ ገና ጃንጥላዬን ሳልዘጋ።

«አምና አንድ ሚሊዮን ነበር። ዘንድሮ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ።»

«ጌታ ይባረክ!» አሉ ባለቤታቸው። እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ያበጠ እግራቸውን ካርቶን ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ፊታቸው በራ፤ እኔ ግን ከሽያጩ ጀርባ ያለውን ስለማውቅ አዘንሁ። ተፈጥሮዬ ሆኖ ሳዝን ቁጣ ይቀድመኛል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ልል ብዬ ከአፌ መለስሁት።

«ጋሼ፣ ሳሙናው አምና በስንት ገባልዎ?»

«በአርባ። በሃምሳ ሸጥሁት።»

«ዘንድሮስ?»

«በሰባ ገባ፣ በሰማንያ ሸጥሁት።»

«ለምን በሰማንያ?»

ጥያቄው ግራ አጋባቸው። «አሥር ብር ነዋ! አሥር ብራችን መቼ ተለወጠች?»

እውነታቸውን ነው። ሱቁን ሲከፍቱ ጸልየው በየዕቃው ላይ የሚጨምሩትን ቆርጠዋል፤ ሳሙና ላይ አሥር ብር። ከዚያ ካለፈ ስግብግብነት ነው ይላሉ። ገበሬውም፣ አብሯቸው የሚያመልከው የጉባኤው ምዕመንም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ አይከራከራቸውም።

መግለጫውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ሱቁ በሙሉ እንደ ሳሙናው ሆኗል። አምና ከመቶ ብር ሽያጭ የዕቃው መግዣ ሲነሳ ሃያ ብር ይተርፍ ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ብር ተኩል ብቻ። ሽያጩን ያሳበጠው የዋጋ ንረቱ እንጂ ገበያው አይደለም፤ የተሸጠው ዕቃ እንዲያውም ቀንሷል። ሁለት መቶ ሺህ የነበረው ያልተጣራ ትርፍ መቶ ሰባ አምስት ሺህ ሆነ። ኪራዩና ማጓጓዣው ደግሞ ጨምሮ ይህን ሁሉ በልቶ አምስት ሺህ አጎደለ።

«ታዲያ በምን ኖርን?» አሉ ጋሼ።

«በዳንግላው አከፋፋይ ዱቤ።»

ሁለተኛውን ቁጥር አሳየኋቸው። አምና በዓመት ውስጥ ለሚከፈል ለእያንዳንዱ አንድ ብር እዳ፣ በጥሬ ገንዘብና በዕቃ ሁለት ብር ነበራቸው። ዘንድሮ ያላቸው አንድ ብር ከአሥር ሳንቲም ነው። እሱም አብዛኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ አከፋፋዩ ገንዘቤን ክፈሉኝ ቢል ቶሎ ብር አይሆንም። በብድሩ ያንን እዳ ቢዘጉ ሌላ እዳ ከነወለዱ ይተካል፤ አሥሯ ብር እስካለች ድረስ ጉድለቱ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የሚሄደው ቤቱ ነው።

እትዬ እግራቸውን ከካርቶኑ አወረዱ።

«እንግዲያ እኔ ዓመቱን ሙሉ ቆሜ የዋልሁት በነፃ ነው?»

አዎ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኳቸው።

«ሳሙናውን ሰማንያ ስምንት ይበሉ» አልሁ ወደ ጋሼ ዞሬ። «የአምናው ትርፍ ይመለሳል። ዱቤውንም ቀስ እያልን እናቃልላለን።»

ወዲያው ከዘንገና የመጣች አንዲት ሴት ዝናብ እያንጠባጠበች ገባች፤ የቆየች ደንበኛ ናት። ሳሙና አንስታ «አሁን ስንት ገባ ጋሼ?» አለች።

ጋሼ እኔን አዩ። ባለቤታቸውን አዩ።

«ሰማንያ» አሉ።

ከፍላ፣ መርቃቸው ወጣች። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ብድሩ ይቅር ልጄ። ሌላ ዋጋ መጥራት አልችልም። ዕቃውን ሸጠን የሰው ገንዘብ እንመልስ፤ ቤቱ እንኳ ይትረፍልን።»

ቤቱ ተረፈ። የሱቁ በር ግን ክረምቱ ሳይወጣ ተዘጋ፤ ጋሼም ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት አያበዙም።

አሁን ቦታውን ሌላ ነጋዴ ይዞታል። በቀደም ከእትዬ ጋር ሳሙና ልንገዛ ገባን። «ዘጠና» አለ ሻጩ ልጅ፣ ስልኩን እያየ። እትዬ ሳይከራከሩ ከፈሉ። የራሳቸውን የድሮ ባንኮኒ በእጃቸው ዳበስ አድርገው ወጡ፤ መንገድ ላይ ክንዴን ይዘው አቆሙኝ።

«እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ ዘጠና ማለቱ?» አሉኝ።